ውሃው አራተኛ ፎቅ ለምን አይወጣም?

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኖረ ሰው የውሃ ፈረቃ ምን እንደሆነ እንዲያስረዱት አይፈልግም። ተራው የሚደርስበትን ቀን ያውቃል፤ ቧንቧው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ፉጨት ሲያሰማ ከእንቅልፉ ይነሳል፤ በርሜሉ፣ ባልዲው፣ ቢጫው ጀሪካን፣ አንዳንዴም የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ሳይቀር ተደርድሮ ይጠብቃል። ጠዋት ደረጃ ላይ ጎረቤት ለጎረቤት የሚለዋወጡት የመጀመሪያ ወሬም "እናንተ ጋ መጣች?" የሚል ነው። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ከችግርነት ይልቅ የአኗኗር አካል መስሎ ይታያል። ሰው ያማርራል፤ ግን ስለ ዝናብ እንደሚያወራው ነው፣ ማንም ያስተካክለዋል ብሎ አይጠብቅም።

በአዲስ ሥራ ሐሳብ ፍለጋ ላይ ያለ ሰው ሩቅ ከማየቱ በፊት እንዲህ ያለውን ነገር ቢመረምር ይሻለዋል። ችግሩ ግን እዚሁ ላይ ነው፤ የለመድነውን ነገር አናየውም። ከውጭ አገር ለዘመድ ጥየቃ የመጣ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን "ውሃውን ማነው ወደ ላይ የሚያወጣላችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። እኛ ግን ጀሪካን ተሸክመው ደረጃ የሚወጡትን ወጣቶች በየቀኑ እያለፍናቸው ስንት እንደሚያስከፍሉ እንኳ ላናውቅ እንችላለን። ስለዚህ ሰፈሩን ለማየት የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ደብተር መያዝ ነው። የሚጻፈው ግን "ሰዎች ስለ ምን ያማርራሉ?" የሚለው አይደለም። በምሬት ብቻ ከሄድን ደብተሩ በመንገድ፣ በኑሮ ውድነት፣ በመብራት መጥፋትና በጎረቤት ውሻ ጩኸት ይሞላና ምንም ሳይፈይድ ይቀራል። የሚጻፈው ሰዎች ለችግሩ ያበጁት መላ ነው። ማን ምን አደረገ? በምን ያህል ጊዜ? ስንት ብር ወይም ስንት ሰዓት አወጣበት?

መላ ሲበጅ ከኪስ ገንዘብ፣ ከቀን ሰዓት ወይም ከወገብ ጉልበት የሆነ ነገር ወጥቷል ማለት ነው። ሰው ያማረረበትን ሁሉ አይገዛም፤ መላ ያበጀለትን ግን በሆነ ዋጋ አስቀድሞ እየገዛው ነው። አዲሱ ሥራ የሚወዳደረው ከዚያ መላ ጋር ነው።

አንድ ሕንጻ ወስደን እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌቱ እንዲመቹ የተያዙ ናቸው፤ አንባቢው የራሱን ብሎክ ቁጥር ሊተካባቸው ይችላል። ባለ አራት ፎቅ ብሎክ ነው፤ 24 አባወራ ይኖርበታል። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ አምስቱ ቀን ደረቅ ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ አራት ሰው ያለው ቤተሰብ ቆጥቦ ቢጠቀም በሰው 25 ሊትር፣ በቀን 100 ሊትር ይፈጃል። ለአምስቱ ደረቅ ቀናት 500 ሊትር ያስፈልገዋል። ቤቱ ውስጥ ያለው 200 ሊትር የሚይዝ በርሜልና አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ሁሉም ሞልተው ቢገኙ 300 ሊትር ነው። የጎደለው 200 ሊትር፣ ማለትም አሥር ጀሪካን፣ ከሌላ ቦታ ይመጣል። አንዱን ጀሪካን አራተኛ ፎቅ ለማድረስ 30 ብር ይከፈላል ብንል ቤተሰቡ በሳምንት 300፣ በወር 1,200 ብር ለተሸካሚ ይከፍላል።

ይህ ገንዘብ ተደምሮ ስለማያውቅ ማንም "በወር 1,200 ብር ለውሃ ማስወጫ እከፍላለሁ" አይልም። ሠላሳ፣ ስልሳ እየሆነ ነው የሚወጣው። በብሎኩ 12 አባወራ እንዲህ የሚገዛ ከሆነ ግን በወር 14,400 ብር ከአንድ ሕንጻ ደረጃ ላይ ይሰበሰባል። ደብተር የያዘው ሰው ያገኘው ይህን ነው፤ ሌላው ቀርቶ ከዚህ ውስጥ ግማሹን ሊያስቀር የሚችል መፍትሔ ማን ይገዛዋል ብሎ መጨነቅ የለበትም፣ ገዢዎቹ በየበሩ ቁጥር ይታወቃሉ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። "ውሃ የለም" ብሎ ቦቴ መኪና ሊያስመጣ ወይም ጉድጓድ ሊያስቆፍር ያስባል። ከዚያ በፊት ግን ውሃው የጠፋው በእርግጥ ስለሌለ ነው ወይስ መውጣት ስላቃተው ነው? ሁለቱ በቤት ውስጥ አንድ ይመስላሉ፣ ቧንቧው ደረቅ ነውና። መለያው ቀላል ነው። በተራው ቀን ምድር ቤት ያሉት ጎረቤቶች ሲሞሉ አራተኛ ፎቅ ካልደረሰ የጎደለው ግፊት ነው። ምድር ቤትም ደረቅ ከሆነ አቅርቦቱ ራሱ የለም። ውሃ በየ10 ሜትሩ ከፍታ አንድ ባር ያህል ግፊት ይፈልጋል። አንድ ፎቅ 3 ሜትር ገደማ ቢሆን የአራተኛው ፎቅ ቧንቧ ከመሬት 13 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ እዚያ ለመድረስ ብቻ 1.3 ባር ያስፈልጋል፣ ከቧንቧው በደንብ እንዲፈስ ደግሞ ከዚያ በላይ። ቀን ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሲከፍት ግፊቱ ይወርዳል፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሲተኛ ይሻላል። ሰዎች ለምን በዚያ ሰዓት እንደሚነሱ ይህ ያስረዳል።

በኛ ብሎክ ምድር ቤት ሲሞላ ላይኛው ደረቅ ነው እንበል። እንግዲያው የሚሸጠው ነገር ውሃ ሳይሆን ከፍታ ነው፤ በፈረቃው ሌሊት መሬት ላይ የሚደርሰውን ውሃ ማጠራቀምና ወደ ላይ መግፋት። ለዚህ የሚሆን ውሃ አለ ወይ የሚለውም ይለካል። ምድር ቤት ባለው ቧንቧ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት የሚፈጀውን ጊዜ በስልክ ሰዓት መያዝ በቂ ነው። ሁለት ደቂቃ ከፈጀ በደቂቃ 10፣ በሰዓት 600 ሊትር ማለት ነው። 12ቱ አባወራዎች በሳምንት የሚጎድላቸው 2,400 ሊትር ነው። 3,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በዚህ ፍሰት በአምስት ሰዓት ይሞላል፣ አንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ ሁለተኛው የፈረቃ ሌሊት ደግሞ የመጀመሪያው ቢቀር መጠባበቂያ ይሆናል። ለ13 ሜትር ከፍታ አንድ ፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ በቂ ነው።

ሮቶውን ጣሪያ ላይ መስቀል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ነገር ነው፤ ከዚያ ውሃው በራሱ ይወርዳላ። ነገር ግን 3,000 ሊትር ውሃ ሦስት ቶን ነው። ጣሪያው ያን ክብደት ይሸከማል ብሎ የፈረመ መሐንዲስ ከሌለ አይሞከርም። ሮቶው መሬት ላይ በተደላደለ መሠረት ላይ ይቀመጥና ፓምፑ በቀጠሮ ሰዓት ወደየቤቱ በርሜል ይግፋ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ስለዚህ ሰዓቱ ማምሻውን ብቻ መሆን የለበትም። ፓምፑ በቀጥታ ከዋናው መስመር እንዳይስብም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከመስመሩ ከሳበ የጎረቤት ብሎክን ውሃ ይነጥቃል፣ መስመሩ ባዶ በሆነበት ጊዜ ደግሞ በተሰነጠቀ ቱቦ በኩል ቆሻሻ ሊስብ ይችላል። ከሮቶው ነው መሳብ ያለበት።

አሁን ገንዘቡን እንመልከት። ሮቶ፣ ፓምፕ፣ ቱቦ፣ መሠረትና የሠራተኛ ዋጋ ተደምሮ 150,000 ብር ነው እንበል። ሥራ ፈጣሪው ሁሉንም ከራሱ አውጥቶ ከ12ቱ አባወራ በወር 400 ብር ቢያስከፍል 4,800 ብር ያገኛል። ለደንበኞቹ ይህ ከሚከፍሉት አንድ ሦስተኛ ነውና ደስ ይላቸዋል። ለመብራትና ለጥገና 1,000 ብር ሲቀነስ 3,800 ይቀራል፤ ገንዘቡን ለመመለስ ከሦስት ዓመት በላይ ይፈጃል። በሦስት ዓመት ውስጥ ከተማው አዲስ ጉድጓድ ወይም አዲስ መስመር ቢያስገባ፣ ተከራዮች ቢቀያየሩ፣ ፓምፑ ቢቃጠል ኪሳራው የሱ ነው። ከዚያም በላይ ከማዘጋጃ ቤቱ ቧንቧ የተቀዳን ውሃ ለሌላ መሸጥ ራሱ የፈቃድ ጥያቄ ያስነሳል። እዚህ ላይ ሐሳቡን የሚጥለው ሰው አይሳሳትም።

ያንኑ ዕቃ ግን ነዋሪዎቹ ራሳቸው ቢገዙት ስሌቱ ይገለበጣል። ለ12 አባወራ ሲካፈል 12,500 ብር ነው፣ ለተሸካሚ የሚከፍሉት የአሥር ወር ገደማ ወጪ። ዕቃው የነዋሪዎቹ ማኅበር ንብረት ይሆናል፣ ውሃውም የራሳቸው ነው፣ ሻጭ የለም። ሥራ ፈጣሪው የሚሸጠው ልኬቱን፣ ገጠማውንና ወርኃዊ ጥገናውን ነው። ለጥገና ከእያንዳንዱ አባወራ 150 ብር ቢይዝ ከአንድ ብሎክ 1,800 ብር ነው፣ ለአንድ ሠራተኛ ደመወዝ አይበቃም። አሥር ብሎክ ከያዘ ግን 18,000 ይሆናል፣ ብሎኮቹም ተያይዘው የተሠሩ ስለሆኑ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል። ስለዚህ ይህ ሥራ የሚያዋጣው ኮንዶሚኒየሞች ተጠጋግተው በሚገኙበት ግቢ ነው፤ እዚህም እዚያም በተበታተኑ ሕንጻዎች አይሆንም።

ስሌቱ ላይ የማይታይ አንድ ሰው አለ፣ ምድር ቤት የሚኖረው ጎረቤት። እሱ ውሃ ይደርሰዋል፣ ለሮቶው አያዋጣም። እንዲያውም ሮቶው በፈረቃው ሌሊት ሲሞላ የእሱ ቧንቧ ሊቀንስ ይችላል። ስብሰባ ላይ "ለምን ብዬ?" ብሎ የሚነሳው እሱ ነው፣ ልክም ነው። እንዲህ ያለው ነገር በገበያ ጥናት አይገኝም፣ ስብሰባው ላይ ነው የሚፈነዳው። መሙያው ሰዓት ሰፈሩ በሚተኛበት ጊዜ እንዲሆን ማድረግ፣ ምድር ቤት ላሉት ደግሞ ፈረቃ ሲቀር ከሮቶው እንዲቀዱ መብት መስጠት ከገጠማው በፊት የሚያልቅ ድርድር ነው። ድርድሩን የሚያውቅ የኮሚቴ ሰው ከጎኑ ያላደረገ ባለሙያ ጥሩ ፓምፕ ይዞ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ከማድረግ በፊት ጎረቤትን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አጠያየቁ ግን ከባድ ነው፣ በተለይ እኛ ዘንድ። "ውሃ በቀላሉ እንዲወጣ የሚያደርግ ነገር ብሠራ ትገዛላችሁ?" ብሎ የጠየቀ ወጣት የሚያገኘው መልስ አስቀድሞ ይታወቃል፦ "ጎበዝ! እግዜር ይርዳህ! እንዴታ፣ ማን ይጠላል?" ይሉኝታው ነው የሚናገረው። እናቶች የጎረቤት ልጅን ፊት አያጠቁሩም፣ ቡና አፍልተው ያበረታቱታል። ሥራው ተሠርቶ ክፍያ ሲመጣ ደግሞ "አየህ፣ የኛ ቤት ብዙም አይቸገርም" ይባላል። ማንም አልዋሸም፤ ጥያቄው ስለ ነገ ስለነበረ ሁሉም መልካሙን ተመኘ።

መጠየቅ የሚገባው ስላለፈው ሳምንት ነው። "እትዬ፣ ማክሰኞ ውሃ ሲቀር ምን አደረጉ?" "ለማን ነው የሚያስወጡት? ስንት ወሰደ?" "ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ያ ጊዜ አይሻማም?" ሰው ያደረገውን ሲናገር ይሉኝታ ቦታ አያገኝም። አንዷ እናት ልጃቸው ጠዋት ሁለት ጀሪካን ስለሚያወጣ ለትምህርት እንደሚያረፍድ ይናገራሉ፤ ሌላው ደግሞ በርሜሉ ሁልጊዜ እንደሚተርፈው፣ ብቻውን ስለሚኖር እንደማይቸገር ይናገራል። ሁለቱም አንድ ፎቅ ላይ ናቸው። ደንበኛው የመጀመሪያዋ ናት፣ ሁለተኛው ግን ምሬቱ ከሷ ይበልጥ ሊጮኽ ይችላል።

በጣም የሚያውቀውን ሰው ግን ብዙዎች ሳይጠይቁት ያልፋሉ፤ ጀሪካን የሚያወጣውን ወጣት። የትኛው በር በሳምንት ስንት ጀሪካን እንደሚወስድ፣ ማን በዱቤ እንደሚጠቀም፣ የትኛው ሳምንት እንደሚበረታ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሮቶው ሲገጠም ደግሞ የመጀመሪያው ተጎጂ እሱ ነው። ፓምፑን ማብራት፣ የበርሜሉን ቫልቭ መጠበቅ፣ ክፍያ መሰብሰብ ሰው ይፈልጋልና ሥራውን ለሱ መስጠት ደግነት ብቻ አይደለም፤ አለዚያ ከደንበኞቹ ጋር ያለው ትውውቅ ተፎካካሪ ሆኖ ይመጣል።

ደንበኛ መኖሩን የሚያረጋግጠው መጨረሻ ገንዘብ ነው፣ ትንሽ ቢሆንም አስቀድሞ የተከፈለ። ሮቶ ሳይገዛ ለአንድ ወር የተደራጀ የማድረስ አገልግሎት መጀመር ይቻላል፦ በተወሰነ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት፣ በሳምንት አሥር ጀሪካን፣ ክፍያው በወሩ መጀመሪያ። ከ12ቱ አባወራ ስምንቱ ከከፈሉ በእጅ የያዘው ነገር አለ። ሦስት ብቻ ከከፈሉና ሌሎቹ "በሚቀጥለው ወር" ካሉ ችግሩ እውነተኛ ቢሆንም በዚህ ዋጋና በዚህ መልክ አይገዛም። ይህንን ለማወቅ የወጣው የአንድ ወር ድካም ነው፣ 150,000 ብር አይደለም።

ደብተሩ ላይ ከውሃው ጋር ሌላ ነገርም ሊጻፍ ይችላል። በርሜልና ሮቶ ውስጥ ጭቃና ዝቃጭ ይጠራቀማል፤ ለረጅም ጊዜ ያልታጠበ ሮቶ ጤና ይጎዳል። ይህ ከውሃ ማስወጣት ያላነሰ ችግር ነው፣ ሆኖም ደብተሩ ባዶ ነው፤ ማንም መላ አላበጀለትም፣ ማንም ለማጠብ አልከፈለም። ጥሩ ሐሳብ የሚመስል ግን ገበያ የሌለው ነገር እንዲህ ይመስላል። ለብቻው ሥራ ቢያደርጉት ሰውን ማስተማር ነው ሥራው፣ ይህ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይበላል። ከፓምፑ ጥገና ጋር በዓመት ሁለት ጊዜ ተደርቦ ቢሰጥ ግን ተጨማሪው ወጪ ትንሽ ነው።

ይህ መንገድ የት ሊያደርስ እንደሚችል የሚያሳይ በአዲስ አበባ የታወቀ ምሳሌ አለ። የራይድ መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩ የሶፍትዌር ባለሙያ ሆና ስትሠራ አምሽታ ስትወጣ ታክሲ ማግኘትና በዋጋ መከራከር ያስቸግራት እንደነበር በቃለ ምልልሶቿ ተናግራለች። ያን ችግር ለብዙ ዓመት የብዙ ሺህ ሰው ችግር ነበር። እዚህ ጋ የሚጠቅመን አንድ ነጥብ ነው፦ ችግሩ ሁለት ጎን ነበረው። ተሳፋሪዋ መንገድ ዳር ቆማ ስትጠብቅ ሾፌሩ በሌላ ማዕዘን ሞተሩን አጥፍቶ ደንበኛ ይጠብቅ ነበር፤ ሁለቱም ጊዜ ይከፍሉ ነበር፣ ሁለቱም የሚያገናኛቸውን ሊከፍሉት ምክንያት ነበራቸው። ስማርት ስልክ ለሌለው ወይም መተግበሪያው ለማይመቸው ደግሞ 8294 ላይ መደወል መቻሉ ሰፈሩን ከማየት የመጣ ውሳኔ ነው፤ የከተማው ሰው ሁሉ ዳታ የለውምና። ከውሃው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ እዚያ ሁለቱ ጎኖች በአገልግሎቱ ይጠቀማሉ፣ እዚህ ግን ምድር ቤት ያለው ጎረቤት የሚያጣው እንጂ የሚያገኘው ላይኖር ይችላል።

የእንዲህ ዓይነት ታሪኮች ውበት ግን ያሳስት ይሆናል። የአሜሪካው ኔትፍሊክስ ለረጅም ጊዜ አንድ ሰው የተከራየውን ፊልም ሳይመልስ በመዘግየቱ 40 ዶላር ቅጣት ተጠይቆ በመናደዱ እንደተወለደ ይነገር ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ማርክ ራንዶልፍ ግን ታሪኩ ኋላ ለማስረዳት እንዲመች የተቀናበረ እንደሆነና ብዙ ሐሳቦች ተመርምረው ከተጣሉ በኋላ ሥራው እንደተገኘ ጽፏል። አንድ ቀን ተናድጄ ድርጅት መሠረትኩ የሚለው ተረክ ያምራል፤ ከተረኩ የሚወጡት ግን ደብተሩ፣ ስሌቱና የተጣሉት ሐሳቦች ናቸው።

ወደ ብሎካችን ስንመለስ፣ ማኅበሩ ይግዛ ከተባለ በኋላ የቀረው ውል ነው። ፓምፑ ሲቃጠል መለዋወጫውን ማን ያስቀምጣል? በፈረቃው ሌሊት ሮቶው ሲሞላ ቧንቧውን ማን ይዘጋል? ለዚህ ተንሳፋፊ ቫልቭ መግጠም ከዘበኛ ይረክሳል። ወርኃዊው 150 ብር ባልተከፈለበት ቤት መስመሩ ይዘጋል ወይስ አይዘጋም? ይህን ጥያቄ ባለሙያው ብቻውን መመለስ የለበትም፤ መዝጋት የጎረቤት ጠላትነት ስለሚያመጣ ክፍያውን ማኅበሩ ከጋራ መዋጮው ጋር አንድ ላይ ሰብስቦ እንዲከፍለው ቢደረግ ይሻላል። ከተማው አንድ ቀን ፈረቃውን ቢያስቀርስ? ግፊቱ እስካልተሻሻለ ድረስ ሮቶውና ፓምፑ ሥራ ይኖራቸዋል። ግፊቱም ከተሻሻለ የጥገናው ገቢ ይቆማል፣ ማኅበሩም የጥገናው ክፍያ ሲቀነስ ገንዘቡን በአንድ ዓመት ገደማ መልሶ ስለያዘ አይከፋም፤ ባለሙያው ግን ያን ቀን ከመምጣቱ በፊት ሌላ ገጽ መግለጥ ይኖርበታል።